የተወለወለው ኦሜጋ

ሰዓቱን ያበላሸው እርጅና አልነበረም፤ ጽዳት ነው። የሃምሳ ዓመት ላብ፣ አቧራና የክረምት ዝናብ ያላደረሱበትን ጉዳት የአንድ ከሰዓት በኋላ ውልወላ አደረሰበት። ሔዋን ይህን ያወቀችው መርጡለ ማርያም፣ የኔታ አካለ ወልድ ቤት፣ መደብ ላይ ተቀምጣ ነው። ሽማግሌው የቅኔ መምህር ነጭ ጨርቅ ፈታ አድርገው ሰዓቱን በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

«እንኪ» አሉ ፈገግ ብለው፤ «እንደ ሙሽራ አስጊጬ ነው የምድርልሽ።»

ሰዓቱ አበራ። ችግሩም ማብራቱ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ዘመዷ የኔታ እንድትሸጥላቸው ሲያሳዩዋት አያበራም ነበር። የኔታ በወጣትነታቸው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ቅኔ ተቀኝተው የተሸለሙት ኦሜጋ የተባለ የስዊስ ሰዓት ነው። ፊቱ ከነጭነት ወደ ቡኒ ዞሮ ቡና ጠብ ያለበት ወተት መስሎ ነበር። አካሉ በጭረት ተሸፍኖ ነበር፤ ጀርባው ላይ «ለመምህር አካለ ወልድ» የሚል ጽሑፍ ከነዓመተ ምሕረቱ ተቀርጿል። ሔዋን ያን ዕለት በሩ አጠገብ ወስዳ በጥሩ ብርሃን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ፎቶ አነሳችው። ፎቶዎቹን አዲስ አበባ ለሚኖረው ለአቶ እንዳላማው ላከችለት። እንዳላማው አሮጌ ሰዓት እየገዛ ውጭ አገር ላሉ ሰብሳቢዎች የሚሸጥ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ከእሷ ሁለት ሦስት ተራ ሰዓቶችን ገዝቷል። ለዚህኛው ግን ራሱ ደወለ።

«ማንም ያልነካው ነው?» አላት።

«ማንም።»

«እንዳየሁት ሆኖ ካገኘሁት እዚያው ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቼ እወስደዋለሁ። ከዚያ በኋላ የጎጃሙ ሥራ ያንቺ ነው። አንቺ ታገኛለሽ፣ ፎቶ ትልኪያለሽ፣ እኔ ሳላይ እከፍላለሁ።»

ሔዋን በኢኮኖሚክስ ከተመረቀች ወዲህ ሥራዋ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ብቻ ሆኖ ነበር። ያን ስልክ ከዘጋች በኋላ አንድም ሰሌዳ አላነበበችም።

አሁን ያ ሰዓት መዳፏ ላይ ነው፤ ያ ሰዓት ግን አይደለም።

«የኔታ፣ ማን ነካው?»

«ማን ነካው ትላለች እንዴ! ምናለ ነዋ። ማርቆስ መናኸሪያው ጋ ሰዓት የሚሠራው። ልጅ ሳለ እኔ ዘንድ ውዳሴ ማርያም ደግሟል፤ ኋላ ጥሎኝ ሄዶ የጥርስ መፋቂያ በምታክል መፍቻ ይጫወታል። ልኬለት ይኸው እንደዚህ አድርጎ መለሰልኝ። ቤሳ አልተቀበለም።»

«ለምን ላኩለት?»

«ለምን?» የኔታ ተቆጡ። «ያደፈ ዕቃ ለሰው ይሰጣል? ዋንጫ እንኳ ሳይታጠብ ለእንግዳ አይቀርብም! ሰውየው ከአዲስ አበባ ድረስ ሲመጣ ያን የመሰለ ዝገት ላስታቅፈው? ልመነኩስ መንገድ የጀመርሁ ሰው፣ በመጨረሻ ሰዓቴ አካለ ወልድ አደፍ ሸጠ ልባል?»

የኔታ የሰኔ ጾም ሲገባ ወደ ገዳም ሊሄዱ ቆርጠዋል። ያላቸውን ሁሉ አከፋፍለው የቀረችው ሰዓቷ ብቻ ናት፤ እሷም ተሽጣ ለተማሪዎቹ ጎጆ ቆርቆሮ እንድትሆን ተናዘዋል። ስለዚህ ሔዋን ልትጮህባቸው አልቻለችም። ትዕግሥት ግን አልነበራትም።

«የኔታ፣ አንድ ሰው የጥንት ብራና አግኝቶ፣ ቆሽሿል ብሎ፣ ፊደሉን ሁሉ ፍቆ በአዲስ ቀለም ቢጽፍበት ምን ይሉታል?»

«ደንቆሮ እለዋለሁ።»

«አሳምሬዋለሁ ቢልዎትስ?»

«ብራናው እኮ ቢያድፍም ይነበባል! ከተፋቀ ወዲያ ምን ይነበባል?» አሉ። ዓይናቸው ከእሷ ወደ ሰዓቱ ሄደ። «ተፍቋል ነው የምትይኝ?»

«ተፍቋል።» ሰዓቱን ገልብጣ ጀርባውን አሳየቻቸው። ጽሑፉ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ደብዝዟል። «አካለ» የሚለው በጣት ሲዳሰስ ይገኝ ነበር፤ አሁን ጣት ያልፈዋል።

የኔታ በጣታቸው ሞከሩት። አንዴ፣ ደግመው።

«እንግዲያ ገድለነዋል በይኛ።»

«አልሞተም። ግማሹን መመለስ ይቻል ይሆናል፤ ምናለ ያወጣውን አሮጌ ፊትና ጠቋሚ ካልጣለው።» ተነሳች። «ዛሬውኑ መኪና ካገኘሁ እሄዳለሁ። ሰውየው ነገ ማርቆስ ይገባል።»

«እህል ሳትቀምሺ?»

«ስመለስ እቀምሳለሁ፣ የኔታ።»

ሽማግሌው ከመደቡ ሳይነሱ መረቋት፤ ምርቃቱ ግን እንደ ወትሮው ረጅም አልነበረም።

*

የጋሽ ምናለ ሱቅ ከመናኸሪያው አጥር ጋር የተጣበቀች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከፊት ለፊቷ ባጃጆች ተሰልፈው ይጮኻሉ፤ ከውስጥ ግን ጸጥታ አለ፣ የግድግዳ ሰዓቶች ድምፅ ብቻ ነው። ምናለ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲያያት ደስ አለው።

«መጣሽ? አየሽው?» አላት። «የልጅነት መልኩን መለስሁለት! ፊቱ የተቆላ ቡና መስሎ ነበር እኮ። ከመርካቶ አዲስ ፊት አስመጥቼ፣ ጠቋሚዎቹን ቀይሬ፣ የምትጠመዘዘውን መሙያ ቀይሬ፣ ገላውን ወርቅ ሠሪው ጋ ወስጄ በመወልወያ ማሽኑ አሽቼ... ዋጋውን በእጥፍ ነው የጨመርኩልሽ።»

«አሮጌዎቹ የት አሉ፣ ጋሼ?»

«የትኞቹ?»

«ፊቱ። ጠቋሚዎቹ። መሙያው።»

«ምን ያደርጉልሻል? ጆሮ ጌጥ ልታሠሪያቸው ነው?»

«የት አሉ?»

ምናለ አኳኋኗን ሲያይ ሳቁን ተወው። «እዚሁ ይኖራሉ። ብረት አልጥልም እኔ። ግን ንገሪኝ፣ ምን አጠፋሁ?»

ሔዋን ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍታ ጎኑ አደረገችለት። «ይህን ፊት ይዩት። ፋብሪካው የጻፈው ፊደል ቀጭን ነው፤ ይሄኛው እንደ ሱቅ ታቤላ ወፍሯል። ታች ጫፉ ላይ በስዊስ የተሠራ የሚለው ቃል ነበር፤ እዚህ የለም። የሰከንዷ ትንሽ ክብ ደግሞ መሀል አልዋለችም፤ ዘምማለች። መሙያው ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ምልክት ነበር፤ አሁን ልሙጥ ነው። የሚገዛው ሰው ይህን ሁሉ ሰዓቱን ሳይነካ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ያየዋል።»

«ይይ! ሰዓቱ ግን ይሠራል። የውስጥ ማሽኑን አጥቤ ዘይት ቀብቼዋለሁ፣ እንደ ልብ ነው የሚመታው።»

«እሱ ደግ ነው፤ ማሽኑን ማጽዳትዎን ማንም አይጠላም። ጋሽ ምናለ፣ እርስዎ ዘንድ የሚመጣ ሰው ሰዓት እንዲያይበት ነው የሚያሠራው። ያ ሰውዬ ግን ሰዓት ማየት ቢፈልግ ስልክ አለው። የሚገዛው ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ ነገር ነው። አሮጌ ሰዓትማ ሞልቷል፤ የጠፋው ያልተነካ ነው።»

«ጭረቱስ? ድመት የተጫወተበት መስሎ ነበር!»

«ጭረት ላዩ ላይ ነው፤ ቅርጹን አይነካም። እርስዎ አንዱን ጭረት ለማጥፋት እስከ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ ዙሪያውን ያለውን ብረት ሁሉ አነሱት። ማሰሪያው የሚገባባቸውን ቀንዶች ይዩ።» በጥፍሯ ነካቻቸው። «ላያቸው በቀጫጭን መስመር የተሰመረ ነበር፤ ጎናቸው እንደ መስታወት። መሀል ላይ ስል ጠርዝ ነበራቸው። አሁን የተላሰ ከረሜላ ሆነዋል።»

ምናለ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ፎቶውን አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ እንደገና ፎቶውን አየ። ሲሠራ ያላየውን ሳይሆን፣ ሲሠራ ማየት ያልፈለገውን ያየ ሰው መስሎ ቆየ።

«ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ» አለ በመጨረሻ፣ «አሳመርክብኝ ተብዬ የተወቀስሁት ዛሬ ነው።»

«ወቀሳ ጊዜ ይፈጃል። እንፈልግ።»

ከጠረጴዛው ሥር የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወጣ። ነጭ ወረቀት አንጥፎ ገለበጠው። ጥርሳም ጎማዎች፣ ሞላዎች፣ የተሰበሩ ማሰሪያዎች፣ ባለቤታቸው የረሳቸው ጠቋሚዎች ሁሉ እንደ ተዘራ ጤፍ ተበተኑ። ሁለቱ በመቆንጠጫ እየለዩ ጎን ለጎን ጎበጡ። ፊቱን ያገኘችው ሔዋን ናት፤ ተገልብጦ ከአንድ የጠረጴዛ ሰዓት ቆርቆሮ ሥር ተኝቷል። ምናለ ነጠቀና በልማድ ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ ብሎ፣ በምራቁ የራሰ ጣቱን ወደ ሰዓቱ ፊት ሲሰድ...

«እንዳይነኩት!»

እጁን አየር ላይ ያዘችው።

«ውይ! እባብ መሰለሽ?»

«ያ ቡኒ ቀለም አደፍ አይደለም። ቀለሙ ራሱ ነው በዕድሜ የበሰለው። ቢጠርጉት ፊደሉ አብሮ ይሄዳል። ነጥቦቹንም እንዳይፍቋቸው፤ ድሮ ጨለማ ላይ እንዲያበሩ የተቀቡት ቀለም ለሳንባ ደግ አይደለም።»

«ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

«አነባለሁ።»

«እኔስ ጸሎት መጽሐፍ ነበር የምታነቢ የመሰለኝ፤ የየኔታ ዘመድ ብዬ» አለና ፊቱን በጠርዙ ይዞ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

መሙያው ተገኘ። ረጅሙ ጠቋሚ ተገኘ። አጭሩ ወደ ወለሉ ወድቆ ከጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ ነበር፤ ምናለ በግንባሩ ተደፍቶ በመርፌ አወጣው። የሰከንዷ ትንሽ ጠቋሚ ግን አልተገኘችም። ቆርቆሮውን ሦስቴ አራግፈው፣ ወለሉን ጠርገው፣ ጥራጊውን በማግኔት ፈተሹት።

«ሌላ አምሳያ አለኝ» አለ ምናለ። «ማንም አይለየውም።»

«የመርካቶዋን ያስቀሯት። እንደተቀየረች እናገራለሁ።»

ምናለ መቆንጠጫውን ይዞ ሥራ ጀመረ። የመርካቶው ፊት ወጣ፣ አሮጌው ገባ። ጠቋሚዎቹ ቦታቸውን ያዙ። መሙያው ተገጠመ። ሰዓቱ ቡኒ ፊቱን ይዞ እንደገና መምታት ጀመረ፤ ፊቱ ሽማግሌ፣ ገላው ግን ትናንት የተወለደ ሆኖ።

ምናለም ይህንኑ አየ። «ፊቱና ገላው አልተስማሙም» አለ። «ገላውን በአሸዋ ወረቀት ዳበስ ላድርገው? ትንሽ ጭረት፣ ትንሽ ጉድፍ። ቀንዱንም በሞረድ ጠርዝ አወጣለታለሁ። አዋቂ ነኝ ባይም አያገኘው።»

ሔዋን ነገ የሚመጣውን ሰው አሰበች፤ ሳያይ እከፍላለሁ ያላትን አሰበች። ቀላል ነበር። ሁለት ጭረት፣ አንድ ሞረድ።

«ሞረድ ብረት ይወስዳል እንጂ አይመልስም» አለች። «ያለችውን ትንሽ ብረት ደግሞ እንዳንበላት። እንዲሁ ይሁን።»

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፋ ሰዓቱን እንደገና ፎቶ አነሳችው፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን። የለሰለሱትን ቀንዶችም በቅርብ።

*

በማግስቱ አቶ እንዳላማው ከሔዋን ጋር ወደተቀጣጠሩበት የማርቆስ ሆቴል የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ነው የገባው። ከሆቴሉ አዳራሽ ጎን ለስብሰባ የምትከራይ ትንሽ ክፍል አስከፍቶ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ መርጦ ተቀመጠ።

«ሔዋንዬ! የደጀን ዳገት አንጀቴን አውጥቶታል። ለዚህ ሰዓት ብዬ ነው። በይ አሳዪኝ።»

«ከማሳየቴ በፊት ልንገርዎት። ባለቤቱ በደግነት አስወልውለውታል። አካሉ ተፍቋል፤ የጀርባው ጽሑፍ ደብዝዟል። ፊቱ፣ ሁለቱ ጠቋሚዎችና መሙያው ተቀይረው ነበር፤ አሮጌዎቹን አግኝቼ አስመልሻለሁ። የሰከንዷ ጠቋሚ ጠፍታለች፤ ያለችው ሌላ ናት። ማሽኑ ታጥቧል፣ ጤነኛ ነው።»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። እንዳላማው ሰዓቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆየ።

«ኧረ በማርያም!» አለ። «ይህን የመሰለ ዕቃ! ምነው ሳይነካ በቀረ፣ ጭረቱ በእጥፍ ቢሆንም ግድ አልነበረኝ። ቀንዱ አልቋል። ቀንዱ ሲያልቅ ደግሞ አይመለስም፤ ፊት ይገኛል፣ መሙያ ይገኛል፣ ቀንድ ከየት ይገዛል?»

«አውቃለሁ።»

«ፊቱን ማስመለስሽ ግን ጎበዝ። ከነዚያ የመርካቶ ቆርቆሮዎች ጋር ቢሆን አልነካውም ነበር። የሰዓት ግማሽ ዋጋ ፊቱ ነው።» ማጉያውን አወረደ። «እውነቱ ተነግሮ ሲሸጥ አሁን የተባባልነውን ዋጋ ሲሶ ያወጣል።»

ሔዋን ዋጋውን አሰላች። ሲሶው ለየኔታ ተማሪዎች ጎጆ ቆርቆሮ ይበቃል። ሥራውም አለ። «ይሁን። በሲሶ ይውሰዱት።»

«ቆይ፤ አልጨረስሁም» አለ። ወንበሩን አስጠጋ። «በሙሉ ዋጋ እወስደዋለሁ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎችሽ እኔ ዘንድ አሉ። ግሩም ፎቶዎች ናቸው፤ ጠርዙ፣ ጽሑፉ፣ ሁሉም ይታያል። ያልተነካ ብዬ በነሱ እሸጠዋለሁ። ገዢው ሩቅ አገር ያለ ጀማሪ ነው፤ ገንዘብ አለው፣ ዓይን የለውም። ቢያጉረመርምም የፎቶ ብርሃን ነው እለዋለሁ። አንቺ የምታደርጊው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነሳሽው ፎቶ ካለ አጥፊው።»

ሔዋን ሰዓቱን አየች። እንዳላማው ይህን ስስት አድርጎ ወሰደው።

«ሥራውም ያው እንደተባባልነው ነው። እንዲያውም ከዚህ ወዲያ ይበልጥ እንግባባለን።»

ሔዋን ነገሩን በጭንቅላቷ አገላበጠችው። ሱቅ የላትም። ካፒታል የላትም። አዲስ አበባም የለችም። ያላት አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው በፎቶዋ እንዳለው ሆኖ መገኘቱ። እንዳላማው ራሱ እስከ ማርቆስ የመጣው በዚያ ተማምኖ ነው። ያ ጀማሪ ደግሞ አንድ ቀን ዓይኑ ይከፈታል፤ ፎቶዎቹን ከሰዓቱ ጎን ያስቀምጣል። ያን ቀን ሐሰተኛው እንዳላማው ብቻ አይሆንም። የጎጃም ዕቃ ሁሉ በዚያ ፎቶ ይለካል። ጽድቅም ኃጢአትም አላሰበችም፤ ሒሳብ ነው ያሰበችው፣ ሒሳቡም አልመጣላትም።

«በሲሶው ይግዙት» አለች። «ሁለቱንም ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው፣ ምን እንደሆነ ጽፈው ይሽጡት።»

«በሲሶ? የመንገዴን ቤንዚን አይችልልኝም።»

«ትርፉ ያንሳል እንጂ አይከስሩበትም።»

«ሔዋን፣ ቂል አትሁኚ። የቄስ ትምህርት ቤት ነው እንዴ የያዝነው? ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሸጠው።»

«ሁሉም እንዲሁ ከሆነ፣ ያልተነካ ለምን ይህን ያህል ተወደደ?»

እንዳላማው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ስሚ። ከእኔ ጋር የሚሠራ ሰው እንዲህ አይደርቅም። ወይ በሙሉ ዋጋ ወስጄው ሥራሽን ትጀምሪያለሽ፣ ወይ ሰዓትሽን ይዘሽ ሌላ እንዳላማው ትፈልጊያለሽ። ጎጃም ላይ ሰዓት የሚለቅምልኝ አላጣም።»

«ሰዓቱን ይስጡኝ።»

«ተቀመጪ፤ እንነጋገር...»

«ሰዓቱን።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ እጇ ላይ አልሰጣትም። አነሳችው፣ በጨርቁ ጠቀለለችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ተነስታ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው መለሰች።

«የድሮዎቹን ፎቶዎች አይጠቀሙባቸው» አለችው። «ከዚህ ወጥቼ ቀጥታ ኢንተርኔት ቤት ነው የምሄደው። አሮጌዎቹንና አዲሶቹን ጎን ለጎን እለጥፋለሁ። ምን እንደተፋቀ፣ ምን እንደተመለሰ፣ ምን እንደጠፋ ጽፌ። ዋጋውንም አብሬ። ወድዶ የሚገዛ ይገዛል።»

«ማን ያምንሻል? ማን ያውቅሻል?»

«ዛሬ ማንም። እጀምራለሁ።»

«እኔን ትተሽ? ከማርቆስ? በዚያ በተበላሸ ሰዓት?»

«በዚህ በተበላሸ ሰዓት።»

እንዳላማው ሌላ ነገር ጀመረ፤ ስሟን ጠራ፣ የቡና ብር አለ፣ ግማሽ ዋጋ አለ። ሔዋን በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።